ለእናቴ የትኛውን ላስጭንላት?

«እናቴ ዋሽንግተን አካባቢ ታላቅ ወንድሜ ዘንድ ሄዳለች። አይፎን ገዝቶላታል። እኔ ደብረ ማርቆስ ነኝ፤ ስልኬ አንድሮይድ ነው። እሱ ሥራ ሲውል ብቻዋን ስለምትሆን በቪዲዮ ላያት እፈልጋለሁ። የቱን ትጫን? እንዴትስ ላስረዳት? ዳዊት ትደግማለች፣ እንግሊዝኛ ግን አታነብም።»

ዋትስአፕ ይሁን። ዳዊት ለሚደግም ሰው ደግሞ ከስልክ ማብራሪያ ወረቀት ይሻላል። በስልክ የነገርካትን ስትዘጋው ትረሳዋለች፤ ወረቀቱን ግን ደጋግማ ታየዋለች። ሱቄ ስልክ የሚያሠሩ እናቶችን ሳይ የኖርኩ ነኝና፣ እኔ ብሆን እንዲህ እጽፍላት ነበር። ፊደሉን ብቻ ተለቅ አድርገው።

ይድረስ ለእማዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ላሚቱ ወልዳለች፤ ጥጃዋን በስልክ አሳይሻለሁ።

ስልክሽ ላይ አረንጓዴ ምልክት ይበዛል፣ እንዳያምታታሽ። ነጭ ካሜራ ያለበት ፌስታይም ይባላል። ጋሼ ጋ ይሠራል፣ የእኔ ስልክ ግን አይፎን ስላልሆነ በእሱ ብትደውይ አታገኚኝም። ነጭ የስልክ እጀታ ብቻ ያለበት ተራው ስልክ ነው፤ በእሱ ወደ እኛ ከደወልሽ ጋሼን ያስከፍለዋል። የእኛ እጀታው ነጭ ክብ ውስጥ ያለበት ነው፤ ክቡ ከታች በግራ በኩል ትንሽ ጭራ አለው። ዋትስአፕ ማለት እሱ ነው። ከቤቱ ዋይፋይ ጋር ከተያያዘ ለጥሪው ለብቻው አያስከፍልም። ጋሼ ከታች ካለው ረድፍ ላይ ያስቀምጥልሽ።

ሲጫን ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። በቃልሽ የያዝሽውን የድሮውን 09 እንዳትሰጪው። ስድስት አሃዝ ያለው ኮድ የሚላከው ወደ ሰጠሽው ቁጥር ነው፤ ያ ሲም ደግሞ እዚህ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። የአሜሪካውን ቁጥር ስጪ። ኮዱን ከጋሼ በቀር ለማንም አትንገሪ፣ «ከቤተ ክርስቲያን ነው የምደውለው» ቢልሽም። ኮዱን ያገኘ ሰው በአንቺ ስም እየጻፈ ዘመድ አዝማዱን ገንዘብ ይለምናል።

የእኔን ቁጥርም በ09 አትመዝግቢው። እዚያ ያለ ስልክ የአገር ኮድ ካላየ የአሜሪካ ቁጥር ይመስለዋል፣ እኔንም ዋትስአፕ ላይ አያገኘኝም። በ +251 ይጀምር፤ ዜሮዋ ትቅርና በ9 ይቀጥል።

ስደውልልሽ ስልኩ ተቆልፎ ከሆነ ወደ ቀኝ ጎትተሽ አንሺው፤ ክፍት ከሆነ አረንጓዴውን ንኪ። ከዚያ ጆሮሽ ላይ አታድርጊው! ባለፈው ከአክስቴ ጋር ሩብ ሰዓት ሙሉ ሳወራ ያየሁት ጆሮዋንና የነጠላዋን ጥለት ብቻ ነው። ስኳር ጣሳው ላይ አስደግፊው። መስኮቱ ከፊትሽ ይሁን፤ ከኋላሽ ከሆነ ፊትሽ ጠቁሮ ይታየኛል።

እዚህ ማታ ማታ ኔትወርኩ ይደክማል። ምስሌ ደርቆ ከቀረ አትዝጊው። የካሜራዋን ምልክት አንዴ ንኪ፤ እኔም የእኔን አጠፋለሁ። ድምፁ ብቻውን ብዙ ጊዜ ይቀጥላል።

የምደውለው ማታ 2 ሰዓት ላይ ነው። አንቺ ጋ ያኔ ቀን 7 ሰዓት ነው፣ ስልክሽ ግን 1:00 ይላል። ብርዱ ሲገባ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ስለሚመልሱ 12:00 ይሆናል፤ በእኛ 6 ሰዓት መሆኑ ነው።

ልጅሽ

እንግዲህ ወዳጄ፣ የቀረው የአንተና የወንድምህ ነው። የእሷን ቁጥር በ +1 ጀምረህ መዝግበው፣ አለዚያ ዋትስአፕህ ውስጥ አትመጣም። በሞባይል ዳታ የምትደውል ከሆነ Settings ከዚያ Storage and data ገብተህ Use less data for calls የሚለውን አብራ። የምስሉ ጥራት ትንሽ ይወርዳል፤ ካርድህ ግን ይበረክታል።

ወንድምህ ሲጭንላት ስልኩ ማይክሮፎንና ካሜራ ይፈቀድ እንደሆነ ይጠይቃል፤ Allow ይበል። ብዙ ሰው ፈርቶ Don't Allow ይነካና ስልኩ የተበላሸ ይመስለዋል። ምልክቱ ቀላል ነው። ድምፅዋ እየተሰማህ ፊቷ ካልታየህ ካሜራው አልተፈቀደም፣ ወይ እሷ አጥፍታዋለች፤ ፊቷ እየታየህ ድምፅዋ ካልመጣ ማይክሮፎኑ ነው፣ ወይ እሷ ሳታውቅ ማይክሮፎኑን ዘግታዋለች። ፈቃዱ በአይፎኑ Settings ውስጥ Apps ከዚያ WhatsApp የሚለው ሥር ይስተካከላል።

ቴሌግራምም ቪዲዮ ያስደውላል፣ መጥፎም አይደለም። ግን ሁለቱን በአንድ ቀን አትጫኑላት። አንዱን በደንብ ከለመደች በኋላ ለመጠባበቂያ ይሁን። ሙከራውንም ወንድምህ እቤት ባለበት ቅዳሜ አድርጉት፤ ሳሎን ሆኖ በሁለተኛ ስልክ ይደውልላትና አንስታ ዘግታ ትለማመድ። አንተ ከዚያ በኋላ ደውል።