«ስልኬ ‹ምስል› ብቻ ብሎኝ ያልፋል»

ጥያቄ፦ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ጋቢና ኩታ እሸጣለሁ። አብዛኛው ሽያጬ በፌስቡክና በቴሌግራም ነው። ሰሞኑን አንድ ዓይነ ስውር ደንበኛ ደውሎ «የምትለጥፊውን ሁሉ ስልኬ ‹ምስል› ብቻ ብሎኝ ያልፋል» አለኝ። ሌላዋ መስማት የተሳናት ናት፤ ቪዲዮዬ ሥር «ዋጋው ስንት ነው?» ብላ ጻፈች። ዋጋውን እኮ በቪዲዮው ላይ ተናግሬዋለሁ! ከየት ልጀምር?

መልስ፦ አብሽሪ እታለም፣ ሁለቱም በእጅሽ ባለው ስልክ የሚስተካከሉ ናቸው።

መጀመሪያ የደንበኛሽ ስልክ ምን እንደሚሠራ እንይ። ዓይነ ስውራን ስልካቸው ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብላቸው ፕሮግራም አላቸው። በአንድሮይድ TalkBack፣ በአይፎን VoiceOver ይባላል። ጣታቸውን ሲያንሸራትቱ እያንዳንዱን ነገር በተራ ይጠራላቸዋል። ጽሑፍ ላይ ሲደርስ ያነባል። ፎቶ ላይ ሲደርስ ግን የሚያነበው ከፎቶው ጀርባ የተቀመጠ መግለጫ ካለ ነው። ይህ ኦልት ቴክስት ይባላል፤ ለሚያየው ሰው አይታይም። አንቺ ካልጻፍሽ አንዳንዴ ፌስቡክ ራሱ ገምቶ በ May be an image of የሚጀምር ነገር ያስቀምጣል። ለጋቢሽ ከገመተ «ልብስ» ቢል ነው። ጥለቱን፣ ድርቡን፣ ዘርፉን ከየት ያመጣዋል?

ገጽሽ ላይ እንዳንቺ ያሉ ሻጮች ሁሉ የሚያደርጉት አንድ ነገር ይኖራል ብዬ እገምታለሁ፤ «4,500 ብር» የሚለውን በትልቁ ፎቶው ላይ መጻፍ። ለዓይን ፊደል ነው፣ ለስልኩ ግን የፎቶው ቀለም አካል ነው። ስለዚህ ዋጋውን፣ ልኩንና አድራሻውን ፎቶው ላይ ብትጽፊም እንኳ ከፎቶው በታች ባለው ጽሑፍ ድገሚው። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚሉት ደግሞ የሚያይ ደንበኛንም ያባርራሉ፣ እሱ የራሱ ጣጣ ነው።

አሁን ወደ ኦልት ቴክስቱ እንምጣ። ብዙ ሰው የሚስተው ሁለት ቦታ ላይ ነው። ወይ «ጋቢ» ብሎ ያቆማል፣ ወይ «እጅግ ውብና ማራኪ የባህል ጋቢ፣ ፈጥነው ይዘዙ!» ይላል። የመጀመሪያው ምንም አልነገረንም። ሁለተኛው ሙገሳ እንጂ መልክ የለውም። አንድ ሰው ስልክ ደውሎ «እስቲ ጋቢው ምን ይመስላል?» ቢልሽ ምን ትይዋለሽ? እሱን ነው የምትጽፊው። ለምሳሌ፦

«ነጭ የጥጥ ጋቢ፣ አራት ድርብ፣ ቡናማ ምንጣፍ ላይ ተዘርግቶ። በሁለቱም ጫፍ የአንድ እጅ ስፋት ያለው ጥለት አለው፤ መሃሉ ጥቁር ቀይ፣ ዳርና ዳሩ ወርቃማ የሳባ ክር። ዘርፉ አጭር፣ የተቋጠረ ነው።»

ሦስት ዓረፍተ ነገር በቂ ነው። ዕቃው ምን እንደሆነ ይቀድማል፣ ከዚያ ከሌላው ጋቢ የሚለየው ነገር ይከተላል። «በዚህ ፎቶ ላይ የምናየው» ብለሽ አትጀምሪ፤ ፎቶ መሆኑን ስልኩ ራሱ ይናገራል። ቀለሙን አትተይ። ዓይነ ስውር ሁሉ ሲወለድ ጀምሮ የማያይ አይደለም። የማያይም ቢሆን ጋቢውን ለአባቱ ሊገዛ ይችላል፣ አባቱ ደግሞ ቀለም ይመርጣሉ።

ዋጋውንና ልኩን ግን ኦልት ቴክስቱ ውስጥ አታስገቢ። እነሱ ከታች ባለው ጽሑፍ አሉ፤ ሁለቱም ቦታ ከተጻፉ ሰውዬው ያንኑ ሁለቴ ለመስማት ይገደዳል። አምስት ፎቶ ከለጠፍሽም አምስቱንም «ነጭ ጋቢ» አትበያቸው። አንደኛው ሙሉውን ካሳየ ሁለተኛው «ጥለቱ በቅርበት፤ ቀይና ወርቃማ ክር፣ የአልማዝ ቅርጽ እየተደጋገመ» ይላል። ሦስተኛው ሰው ላይ ከሆነ ጋቢው እስከ የት እንደደረሰ ይንገረን፤ ጉልበት ይሁን ቁርጭምጭሚት።

ፌስቡክ ላይ የሚጻፍበት ቦታ እንዲህ ነው። በኮምፒውተር ከሆነ ፎቶውን ጨምረሽ ሳትለጥፊ Edit፣ ከዚያ Alternative text፣ ከዚያ Custom alt text ትያለሽ። ጽፈሽ Save ነው። ከለጠፍሽው በኋላ ከሆነ ፎቶውን ከፍተሽ ሦስቷን ነጥብ ንኪ፤ Edit alt text ወይም Change alt text የሚል ታገኛለሽ። ቦታው በየጊዜው ትንሽ ይቀያየራል፤ ሦስቷ ነጥብ ሥር ፈልጊው። አንድ ነገር ልብ በይ፤ ይህ ጽሑፍ ከፎቶው ጋር አይሄድም። ፎቶውን አውርደሽ ሌላ ግሩፕ ላይ ከጫንሽው እንደገና ትጽፊያለሽ። ስለዚህ የጻፍሽውን ስልክሽ ማስታወሻ ላይ አስቀምጪው።

ቴሌግራም ላይ ለኦልት ቴክስት የተለየ ቦታ የለም። እዚያ መግለጫውን ከፎቶው በታች ያለው ጽሑፍ ውስጥ ታስገቢዋለሽ። ብዙ ፎቶ አንድ ላይ ከላክሽ «ፎቶ 1፦ ሙሉው ጋቢ… ፎቶ 2፦ ጥለቱ…» እያልሽ ቁጥር ስጫቸው። ከፎቶ ሥር የሚገባው እስከ 1,024 ፊደል ነው፤ ለአንድ ጋቢ ከበቂ በላይ ነው።

ጽሑፉ ራሱም ማጽዳት ይፈልጋል። በየመስመሩ መጀመሪያ የምትደረድሪውን የእሳትና የልብ ኢሞጂ ስልኩ አንድ በአንድ በስማቸው ይጠራቸዋል። አሥር እሳት ማለት ዋጋው ጋ ከመድረሱ በፊት አሥር ጊዜ «እሳት» ማለት ነው፣ ያውም በእንግሊዝኛ። አንድ ይበቃል፣ እሱም መጨረሻ ላይ። ስልክ ቁጥርሽንም ሁለት ሁለት አሃዝ እየለያየሽ ጻፊው። ተያይዞ ከተጻፈ አንዳንዱ ድምፅ እንደ ትልቅ ቁጥር በሚሊዮን ሊያነበው ይሞክራል።

ይህን ሁሉ ሠርተሽ ስታበቂ በጆሮሽ አረጋግጪ። የስልክሽ ሴቲንግ ውስጥ Accessibility ግቢና TalkBack አብሪ። ካበራሽው በኋላ ስልኩ ጠባዩን ይቀይራል፤ አንዴ ስትነኪ ያነባል፣ ለመክፈት ሁለቴ ቶሎ ቶሎ መንካት አለብሽ። ወደሚቀጥለው ለመሄድ ወደ ቀኝ ጠረግ ማድረግ ነው። እንዳትደነግጪ፣ ያበራሽበት ቦታ ተመልሰሽ ታጠፊዋለሽ። ልጥፍሽ ላይ ስትደርሺ ዓይንሽን ጨፍነሽ ስሚው።

አማርኛውን ዘሎ እንግሊዝኛውን ብቻ ካነበበ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ስልኩ ላይ ያለው ድምፅ አማርኛ አያውቅም ማለት ነው። eSpeak NG የሚባለው ነፃ ድምፅ አማርኛ ያነባል። ንባቡ እንደ ሮቦት ነው፣ ግን ይሰማል። ደንበኛሽ ፌስቡክ የሚጠቀም ከሆነ ለሱ የሚያነብለት ድምፅ አስቀድሞ አለው፤ እሱን ጠይቂው፣ ካንቺም ከኔም ይበልጥ ያውቀዋል።

ወደ ቪዲዮው ስንመጣ ችግሩ ይገለበጣል። ገበያችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ቪዲዮ አለ። አንዱ ዘፈን ከፍቶ ዋጋውን በጽሑፍ ብቻ ያሳያል፤ ለዓይነ ስውሩ ባዶ ዘፈን ነው። ሌላው ዋጋውን በአፍ ብቻ ይናገራል፤ ለማይሰማው የከንፈር እንቅስቃሴ ነው። አንቺ የተናገርሽውን ጻፊ፣ የጻፍሽውንም ተናገሪ።

«ይቺን ተመልከቱልኝ፣ ይሄ ደግሞ እንዲህ ነው፣ ስፋቱ ይሄን ታክላለች» እያሉ በእጅ ማሳየት አለ አይደል? ለማያየው ሰው ምንም አልተባለም፤ ከሥር የሚጻፈው ጽሑፍም ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ከመቅረጽሽ በፊት የምትይውን አራት መስመር ጻፊ። የሃያ ሰከንድ ቪዲዮ ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ ይህቺ / ያለችበት ላይ መስመር ቀይሪ፦

ከ0 እስከ 4 ሰከንድ፦ «ይህ ጋቢ አራት ድርብ ነው። / ፈትሉ የእጅ ነው።»
ከ4 እስከ 9፦ «ርዝመቱ 2 ሜትር ከ80፣ / ወርዱ 1 ሜትር ከ40።»
ከ9 እስከ 14፦ «ጥለቱ ቀይና ወርቃማ ነው። / አረንጓዴም አለን።»
ከ14 እስከ 20፦ «ዋጋው 4,500 ብር። / ወልድያና ከሚሴ በመኪና እንልካለን።»

ይህንኑ በ CapCut ወይም በለመድሽው የቪዲዮ መቁረጫ Text የሚለው ውስጥ ራስሽ ጻፊው። ስልኩ ሰምቶ ይጻፍልኝ ብትይ ቁጥር ላይ ሊስት ይችላል፤ 4,500ው 4,000 ሆኖ ቢወጣ ጸቡ ካንቺ ጋር ነው። በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር አይብለጥ፣ አንዱም ከሦስት ሰከንድ በታች አይቆይ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ መስማት የተሳነው ሰው ብዙ ነው፤ የመጀመሪያው የምልክት ቋንቋ ነው። አጭር ዓረፍተ ነገር ለሱ ይቀለዋል።

ነጭ ጽሑፍ ነጭ ጋቢ ላይ አይታይም። ይህ የጋቢ ሻጭ ልዩ ጣጣ ነው። ከፊደሉ ጀርባ ጥቁር መደብ አድርጊለት፣ ጥላ ብቻውን አይበቃም። ጋቢውንም ነጭ ግድግዳ ላይ አትስቀዪው፤ ዓይናቸው የደከመ ሰዎች ጫፉን ከግድግዳው አይለዩትም። ጽሑፉን ደግሞ ከታች ጥግ አታድርጊው። ቲክቶክ እዚያ የገጽሽን ስምና መግለጫ ይጭንበታል፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ልቡና ኮሜንቱ አሉ። ከመሃል ዝቅ ያለው ቦታ ደህና ነው።

ስትጨርሺ ድምፁን አጥፍተሽ ቪዲዮውን ዋጋውን ለማያውቅ ጎረቤት አሳዪው። «ስንት ነው? ስፋቱስ?» ብለሽ ጠይቂው። ካልመለሰ አንድ መስመር ቶሎ አልፏል ማለት ነው።

አንድ የቀረ አለ። ልጥፍሽ ሁሉ «ለማዘዝ ይደውሉ» ብሎ የሚያልቅ ከሆነ ያቺ መስማት የተሳናት ደንበኛሽ ዋጋውን ብታይም መግዛት አትችልም። «ይደውሉ ወይም በቴሌግራም ይጻፉ» በይ፣ አጭር የጽሑፍ መልእክትም እንደምትቀበዪ ጨምሪበት። ከዚያ ለጻፈልሽ ሰው «ደውልልኝ» ብሎ የሚመልስ ረዳት ካለሽ እንዲተው ንገሪው።

የድሮውን ሁሉ ለማስተካከል አትነሺ፣ ትሰለቺያለሽ። ገጽሽ አናት ላይ የሰካሽውንና አሁን እጅሽ ላይ ያሉ ጋቢዎችን ልጥፍ ብቻ አስተካክዪ። የተሸጠው ተሽጧል።