ከ«ለ» ወደ «መ» የሄደው ድንበር

ልጆቼ፣ ከእናንተ አንዱ ሰሞኑን «በጂፒኤስ የወጣው የማሳ ስፋት ሽማግሌዎቹ በገመድ ከለኩት ጋር ከተቀራረበ ሌላ ምን እንፈትሻለን?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ባሶና ወራና ውስጥ ያለ አንድ የገብስ ማሳ አስታወሰኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ማሳው አምስት ማዕዘን አለው። የመጀመሪያውን ማዕዘን የካርታ ቁጥር ከሁሉም ላይ ስንቀንስ፣ ምሥራቁን ከሰሜኑ አስቀድመን በሜትር የቀረን ይህ ነው፦ ሀ (0፣ 0)፣ ለ (80፣ 10)፣ ሐ (100፣ 70)፣ መ (50፣ 50)፣ ሠ (10፣ 90)። ቅነሳው ስፋቱን አይለውጥም። በእኛ ጊዜ ግን ግዴታ ነበር፤ ስምንት አኃዝ ብቻ የሚይዝ ካልኩሌተር የእኛን አገር የካርታ ቁጥሮች አባዝቶ አይችላቸውም። መ ወደ ውስጥ የገባች ማዕዘን ናት። በሰሜን በኩል የሚያዋስኑት እማማ አውድማቸው እዚያው እጥፋት ውስጥ ነበር።

ስሌቱን ታውቁታላችሁ፤ የአንዱን ማዕዘን ምሥራቅ በቀጣዩ ሰሜን አባዝቶ፣ የቀጣዩን ምሥራቅ በዚህኛው ሰሜን አባዝቶ መቀነስ ነው። ከለ ወደ ሐ 80×70 − 100×10 = 4,600 ይሆናል። ከሐ ወደ መ 1,500፣ ከመ ወደ ሠ 4,000 ይመጣል። ሀን የሚነኩት ሁለቱ ጎኖች ዜሮ ናቸው። ድምሩ 10,100፣ ግማሹ 5,050 ካሬ ሜትር።

ሰነዱ ላይ የተጻፈው ግን 5,150 ነበር። ጂፒኤስ የያዘው ልጅ፣ ገብሱ ታጭዶ ስለነበር፣ ከለ ተነስቶ ገለባውን አቋርጦ መጀመሪያ መን፣ ከዚያ ሐን መዘገበ። የመቶ ካሬ ልዩነት በእጅ ጂፒኤስ የሚጠበቅ ስለሆነ ማንም አልጠረጠረም። ሽማግሌዎቹም «ያው ነው» ብለው ፈረሙ።

ያው አልነበረም። በዚያ ቅደም ተከተል ድንበሩ ከሐ ቀጥ ብሎ ወደ ሠ ስለሚሄድ 1,400 ካሬ የእማማ መሬት ከነአውድማው ወደ ማሳው ገባ። በምሥራቅ ደግሞ የባለቤቱ 1,300 ካሬ ወደ ውጭ ቀረ። ሁለቱ ሲቻቻሉ የቀረችው መቶዋ ብቻ ናት። ወረቀቱ ኋላ ቢታረምም እማማና ጎረቤታቸው እንደ ቀድሞው አልሆኑም፤ ደቦም አብረው መውጣት ተዉ።

እናንተ ስልኩ ያወጣውን ቁጥር እንደ ወንጌል ትቀበላላችሁ። እኔም ብሆን ስልኩን አልጠላውም፤ ገመድ ከመጎተት አሳርፎኛል። ቅደም ተከተሉ ሲሳሳት ጎኖቹ ከተቆራረጡ አብዛኛውን ጊዜ ስፋቱ በጣም ስለሚያንስ ወዲያው ይታወቃል፤ እዚህ ማሳ እንኳ ለና ሐ ቦታ ቢለዋወጡ 1,450 ብቻ ይወጣል። የሚያስቸግረው ጎኖቹ ሳይቆራረጡ ቅርጹ ብቻ ሲለወጥ ነው።

ስለዚህ ከስፋቱ በፊት የጎኖቹን ርዝመት አውጡና ከእነሱ ሁለቱን ሜዳው ላይ በሜትር ለኩ። በስህተቱ ሰነድ ሠን ከሐ የሚያገናኘው ጎን 92 ሜትር ይላል፤ ሜዳው ላይ ሠ ቆማችሁ በሰሜኑ ድንበር ብትሄዱ ግን 57 ሜትር ላይ ታጠፋላችሁ። ንድፉንም እዚያው ሣሉና ለአዋሳኞቹ አሳዩ። እማማ ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ሥዕሉን ቢያዩ ኖሮ ግን አውድማቸው የት እንደገባ ወዲያው ይነግሩን ነበር።