ኮላጅን የገባኝ ሥጋ ቤት ሄጄ ነው

«ሰላም ለሁላችሁ። ሁለተኛ ዓመት ነኝ። የኮላጅን ታይፖችን ሸምድጄ ጨርሻለሁ፤ ስላይድ ላይ ስሆን ግን ሁሉም ሮዝ ነው የሚመስለኝ። በፋይበሮቹ መካከል ያለውን የሚሞላው ግራውንድ ሰብስታንስ የሚሉትም ባዶ ቦታ እንጂ ምንም አይታየኝም። እናንተ እንዴት ነው ያጠናችሁት?»

እህቴ፣ ዓይንሽ አልተሳሳተም። ስላይድ በብዛት በሚቀለምበት በኤች ኤንድ ኢ ቀለም ታይፕ 1 ኮላጅን ሮዝ ነው። ጡንቻም ሮዝ ነው። ኢላስቲክ ፋይበርም ያው ወደ ሮዙ ነው። በቀለም ብቻ ልለያቸው ካልሽ እንደኔ ትወድቂያለሽ።

እኔ የወደቅኩት በጉበት ነው። የላብ ፈተና ላይ የጉበት ስላይድ ቀርቧል፤ ጥያቄው «ጠቋሚው ያረፈበትን ፋይበር ጥቀስ» ይላል። ጉበት ማለት ሪቲኩላር ፋይበር ነው ብዬ ሸምድጃለሁ። በደንብ ሳላይ «ሪቲኩላር፣ ታይፕ 3» ብዬ ጻፍኩ። ዜሮ! ጠቋሚው ያረፈው ፖርታል ትራክቱ ውስጥ ያለው ወፍራም ሮዝ ጥቅል ላይ ነበር፤ እሱ ደግሞ በአብዛኛው ታይፕ 1 ነው። የባሰው ነገር፣ በኤች ኤንድ ኢ ስላይድ ላይ ሪቲኩላር ፋይበር ለይቶ ማየት ጭራሽ አይቻልም። በጣም ቀጭን ነው። እንዲታይ በብር መቀለም አለበት፤ ያኔ ጥቁር የሸረሪት ድር መስሎ ይወጣል።

ያን ቀን የላቡ ቴክኒሻን፣ ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ ፊቴን አይተው «መጽሐፉን ዝጋና የበሬ ቅልጥም ከነመገጣጠሚያው ገዝተህ ና። ከአንገቱ ጀርባም ቢጫውን ጅማት አስቆርጥ» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። በኋላ እኔም ላብ ውስጥ ተማሪ ማገዝ ስጀምር ያንኑ ነው ያስደረግኳቸው። አንቺም ሞክሪው፤ ከፈተናሽ በፊት አንድ ቅዳሜ ይበቃሻል።

መጀመሪያ ከቅልጥሙ ላይ ነጩን ጅማት ለይተሽ ሳቢው። አይለጠጥም። በቁመቱ ከሳብሽው ክንድሽ ይደክማል እንጂ እሱ ንቅንቅ አይልም። ይሄ ታይፕ 1 ነው። ሰውነታችን ውስጥ ካለው ኮላጅን 90 በመቶ ገደማው እሱ ነው፤ ጅማት፣ አጥንት፣ የቆዳ ደርሚስ፣ የጥርስ ዴንቲን፣ የቆየ ጠባሳ። የሚያመሳስላቸውን ተመልከቺ፤ ሁሉም መጎተትን የሚቋቋሙ ናቸው።

አሁን ነጩን ጅማትና ቢጫውን የአንገት ጅማት አንድ ድስት ውስጥ ጨምረሽ ሦስትና አራት ሰዓት ቀቅይ። ነጩ ይልማል፣ ይሟሟል። መረቁን ፍሪጅ ካሳደርሽው ጠዋት ረግቶ ታገኚዋለሽ። ቢጫው ግን ሲፈላ ውሎም ያው ላስቲክ ነው፤ ብትስቢው ይለጠጣል፣ ስትለቂው ይመለሳል። ኢላስቲን ነዋ። በሬው ሲግጥ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ውሎ ያንን ከባድ ጭንቅላት መልሶ ለማንሳት የሚያግዘው ይሄ ላስቲክ ነው። አንቺ ጋ በብዛት ያለው አኦርታሽ ግድግዳ ውስጥ ነው።

ለምን አንዱ ሟሟ፣ ሌላው እምቢ አለ? ኮላጅን ሦስት ሰንሰለት እንደ ገመድ ተገምዶ የተሠራ ነው። በየሦስተኛው ቦታ ግላይሲን አለ፤ በገመዱ መሃል ሊገባ የሚችለው ትንሹ አሚኖ አሲድ እሱ ብቻ ስለሆነ። ገመዱ እንዳይፈታ የሚይዘው ደግሞ በብዛት ሃይድሮክሲፕሮሊን ነው። ሙቀት ሲበዛበት ግምዱ ይፈታል፤ የተፈታው ኮላጅን ነው ጄላቲን የሚባለው። ኢላስቲን እንዲህ ያለ ግምድ የለውም፤ ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ በጠንካራ ኬሚካዊ ድልድይ የተጠላለፉ ስለሆኑ ውሃ አፍልተሽ አትፈቺውም። ኮላጅንም ቢሆን ዕድሜ ሲገፋ ድልድዩ ይጠነክራል። ሲያርስ የኖረ በሬ ሥጋው ቀኑን ሙሉ ተጥዶ የማይበስለው ለዚህ ነው።

እግረ መንገዴን፣ ፕሮሊን ላይ ያንን ሃይድሮክሲል የሚጨምረው ኢንዛይም ያለ ቫይታሚን ሲ አይሠራም። ስከርቪ ያለበት ሰው ድዱ የሚደማው፣ ድሮ የዳነ ቁስሉ ሳይቀር ተመልሶ የሚከፈተው ለዚህ ነው። ጠባሳ አንዴ ተሠርቶ የሚቀመጥ ግድግዳ አይደለም፤ ኮላጅኑ እየፈረሰ እየተተካ ይኖራል። መተኪያው ደካማ ሲሆን ጠባሳው ይለቃል።

ወደ ቅልጥሙ ልመለስ፤ ባዶ ቦታ ያልሽው ነገር ያለው እዚያ ነው። የአጥንቱ ጫፍ ላይ ነጭ ሆኖ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ እንደ ሸክላ ሳህን የሚያብረቀርቅ ሽፋን አለ። ካርቲሌጅ ነው፤ በአማርኛ ልም አጥንት የሚባለው። በጥፍርሽ ተጫኚው። ትንሽ ይሰጣል፣ ወዲያው ይመለሳል። በስለት ስትቆርጪው እርጥብ ነው፤ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። ግን ውሃው አይንጠባጠብም። ማን ይዞት ነው?

ጋሼ ያስረዱኝ በሽምብራ ነው። ደረቅ ሽምብራ በጨርቅ ጥብቅ አድርገሽ ቋጥረሽ ውሃ ውስጥ አሳድሪው። ሽምብራው ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ጨርቁ ግን ከልኩ በላይ አያሳብጠውም። ጠዋት ቋጠሮው እንደ ድንጋይ ተወጥሮ ታገኚዋለሽ። ካርቲሌጅ ማለት ይሄው ነው። ጨርቁ ታይፕ 2 ኮላጅን ነው፣ ሽምብራው ደግሞ ግራውንድ ሰብስታንስ።

የካርቲሌጅ ዋናው ሽምብራ አግሪካን ይባላል። የጠርሙስ መፍቂያ ብሩሽ አስቢ፤ መሃሉ ፕሮቲን፣ ጸጉሩ ደግሞ የኮንድሮይቲን ሰልፌትና የኬራታን ሰልፌት ሰንሰለት ነው። ብዙ ብሩሽ ደግሞ ሃያሉሮናን በሚባል አንድ ረጅም ክር ላይ ተደርድሮ ይሰካል። ሰልፌቶቹ ኔጌቲቭ ቻርጅ አላቸው። ኔጌቲቩ ሶዲየምን ይስባል፣ ሶዲየሙ ውሃውን ይዞ ይገባል፣ ካርቲሌጁ ሊያብጥ ይገፋል። ያኔ ታይፕ 2 መረብ ወጥሮ ይይዘዋል። ስትቆሚ ጉልበትሽ ላይ ክብደትሽን የሚሸከመው የዚህ ትግል ውጤት ነው እንጂ ኮላጅኑ ለብቻው አይደለም። ኮላጅን መጎተትን እንጂ መጨፍለቅን አይችልም፤ ገመድን አቁመሽ ከላይ ብትጫኚው ይታጠፋል።

ስላይድሽ ላይ ይሄ እንዴት ይታያል? ካርቲሌጅ ላይ ሮዝ ሳይሆን ወደ ሰማያዊና ሐምራዊ የሚያደላ ቀለም ካየሽ ሰልፌቱ ነው የኤች ኤንድ ኢውን ሰማያዊ ቀለም፣ ሄማቶክሲሊኑን፣ የሳበው። በሴሎቹ ዙሪያ ይደምቃል፤ አግሪካን እዚያ ስለሚበዛ። ታይፕ 2 ክሮቹ ግን አይታዩሽም። ቀጭን ናቸው፣ ብርሃን የሚሰብሩትም ከአካባቢያቸው ጋር እኩል ስለሆነ ተመሳስለው ይጠፋሉ። «ፋይበር የሌለው ወጥ ነገር» መስሎ የሚታየው ሃያሊን ካርቲሌጅ በፋይበር የተሞላ ነው።

ሌላ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ ከቆዳ ኤፒደርሚስ ሥር ባለው ልል ኮኔክቲቭ ቲሹ፣ ግራውንድ ሰብስታንሱ በእውነትም ነጭ ባዶ ሆኖ ነው የሚታየው። ስላይድ ሲዘጋጅ ቲሹው በአልኮል ውስጥ እያለፈ ውሃው ይወጣል፣ የቀረውም ነገር አብዛኛው ይታጠባል። ያየሽው ባዶ ቦታ ግራውንድ ሰብስታንሱ የነበረበት አሻራ ነው። እንዲታይ ከተፈለገ አልሺያን ብሉ ይቀባል፤ ያኔ ባዶው ሰማያዊ ይሆናል። ፈታኞች ይሄንን ይወዳሉ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ካርቲሌጅ ሁሉ ታይፕ 2 አይደለም። የአከርካሪ ዲስክ የውጭ ቀለበትና የጉልበት ሜኒስከስ ፋይብሮካርቲሌጅ ናቸው፤ ዋናው ፋይበራቸው ታይፕ 1 ነው። እነዚህ ቦታዎች ሲጨፈለቁ ብቻ ሳይሆን ሲጎተቱም ይውላሉ። ስላይዱ ላይ የካርቲሌጅ ሴሎች በረድፍ ተሰልፈው በመካከላቸው ሮዝ ጥቅሎች ካየሽ እሱ ነው። ጆሮ ላይ ያለው ደግሞ ታይፕ 2 ሆኖ ኢላስቲክ የተጨመረበት ነው፤ ጆሮሽን አጥፈሽ ልቀቂው፣ ይመለሳል።

ታይፕ 3ን ለማየት ጣፊያ ገዝቼ ነበር። ቆርጬ በቢላው ጀርባ ፋቅኩት፣ በቧንቧ ውሃ አጠብኩት። ቀይ ቀዩ ወጥቶ ነጫጭ አሞሌ ቀረ። «አገኘሁት፣ ሪቲኩላር!» ብዬ ሮጥኩ። ጋሼ ሳቁብኝ። አሞሌዎቹ ትራቤኩላ ናቸው፣ በብዛት ታይፕ 1። ሪቲኩላር መረቡ እኔ በቧንቧ ያጠብኩት ውስጥ ነው የሄደው! በዓይን አይታይም። ሥራውም ጉተታን መቋቋም አይደለም፤ ጣፊያ፣ ሊምፍ ኖድ፣ የአጥንት መቅኒ፣ ጉበት ውስጥ ደም ወይም ሊምፍ በመካከላቸው የሚያልፍባቸውን ሴሎች ደግፎ መያዝ ነው። ከታይፕ 1 ይልቅ ስኳር የበዛበት ስለሆነ ነው ብሩ የሚይዘው። ታይመስ ላይ ግን እንዳትሸወጂ፤ እዚያ መረቡን የሠሩት ኤፒተሊያል ሴሎች ናቸው እንጂ ይሄ ፋይበር አይደለም።

ታይፕ 3 አዲስ ቁስል ላይም ቀድሞ ይደርሳል። መጀመሪያ በእሱ ይጠገናል፣ በሳምንታትና በወራት ውስጥ በታይፕ 1 እየተተካ ይሄዳል። ሦስተኛው ወር ላይ እንኳ ጠባሳው ከጤነኛ ቆዳ ጥንካሬ ከሦስት አራተኛው ብዙ አይበልጥም።

ታይፕ 4ን ሥጋ ቤት ሄደሽ በዓይንሽ አታይውም። ክር አይሠራም፣ ስስ ምንጣፍ ነው፤ በቤዝመንት ሜምብሬን ውስጥ ተነጥፎ ኤፒተሊየሙን ይሸከማል። ኩላሊት ግሎሜሩለስ ውስጥ ደግሞ የማጣሪያው አካል ነው፤ አልፖርት በሚባለው በዘር የሚመጣ በሽታ ይሄ ምንጣፍ ተበላሽቶ ሽንት ውስጥ ደም የሚታየው ለዚህ ነው። ፒ ኤ ኤስ የተቀባ የኩላሊት ስላይድ ካገኘሽ ቱቦዎቹን የከበበውን ማጀንታ መስመር ተከተይ።

ስለዚህ ላብ ስትገቢ ማይክሮስኮፑን ከማስተካከልሽ በፊት የስላይዱን ጫፍ አንብቢ፤ ቀለሙ ምንድን ነው? ኤች ኤንድ ኢ ከሆነ ሪቲኩላርና ታይፕ 4ን ከምርጫሽ አውጪ። የቀረውን «ይሄ ቲሹ ሥራው ላይ ይጎተታል፣ ይጨፈለቃል ወይስ ይለጠጣል?» ብለሽ ለዪው። ቅልጥሙን ስትገዢ ደግሞ መገጣጠሚያውን በመጥረቢያ እንዳይፈልጡብሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ የእኔን የመጀመሪያውን ካርቲሌጅ ፈልጠው ነው የሰጡኝ።