ጥርሳችሁን ነክሳችሁ ለምትውሉ

ልጆቼ፣ እኔ ባሕር ዳር ውስጥ 27 ዓመት በፊዚዮቴራፒ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። አሁን ሥራዬ ጠዋት ጠዋት በሐይቁ ዳር መራመድና ቡና መጠጣት ነው። ግን ዓይኔ ጡረታ አልወጣም። ዛፍ ሥር ተቀምጦ ስልክ የሚያይ ወጣት ሳይ መጀመሪያ የማየው ትከሻውን ነው። ብዙ ጊዜ ጆሮው አጠገብ ደርሶ አገኘዋለሁ።

ጣና ላይ ታንኳ የሚቀዝፉትን ደግሞ ተመልከቱ። ትከሻቸው ቀኑን ሙሉ ይሠራል፤ ግን በየቅዝፊያው መሀል ይላላል። የእናንተ ትከሻ ምንም ሳያነሳ ይወጠራል፤ ማንም ውረድ ስለማይለው እዚያው ይውላል። ልዩነቱ ይኼው ነው።

ስለ አንዲት ልጅ ላጫውታችሁ። ባንክ ውስጥ መስኮት ላይ የምትሠራ፣ የ26 ዓመት ልጅ ነበረች። ከሰዓት በኋላ ጆሮ ግንዷን ይወቅራታል። ጥርስ ሐኪም ጋ ሄዳ ጥርሷ ደህና ነው ተብላለች። እኔ ጋ ስትመጣ ጣቶቿን ከጆሮዋ ፊት፣ ጉንጯ ላይ አስደርጌ «እስቲ ጥርስሽን ንከሺ» አልኳት። ጣቷ ሥር ጡንቻ ብቅ ማለት ነበረበት። አልተንቀሳቀሰም ማለት ይቻላል። ምክንያቱም ቀድሞውኑ ነክሳ ነበር። «ጋሼ፣ አልነከስኩም እኮ!» አለችኝ። ከልቧ ነው ያለችው። አታውቅም ነበር።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ለረጅም ጊዜ የተወጠረ ጡንቻ ውጥረቱን መናገር ያቆማል። «ፈታ በይ» ብትሏት ምኑን ትፍታ? የሚፈታው የት እንዳለ አታውቀውም።

ኤድመንድ ጃኮብሰን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ለዚህ ዘዴ አበጀለት። በፈረንጆቹ 1929 ስለዚሁ መጽሐፍ አሳተመ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ጡንቻውን ሆን ብለህ ትወጥረዋለህ፣ ከዚያ ትለቀዋለህ፣ በሁለቱ መሀል ያለውን ልዩነት ታዳምጣለህ። መላ አካልን በየተራ ማዳረስ ይቻላል፤ ለእናንተ ግን ሦስት ቦታ ይበቃል፦ መንጋጋ፣ ትከሻ፣ ሆድ። የሀገራችን ሰውም ሦስቱን ያውቃቸዋል። ጥርስን ነክሶ መቻል፣ ሸክምን በትከሻ መያዝ፣ ሆድ ባር ባር ማለት እንላለን።

ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ እግራችሁ መሬት ይንካ። ከመንጋጋ ጀምሩ። የኋላ ጥርሶቻችሁን አገናኝታችሁ ከሙሉ ኃይላችሁ ሲሶውን ያህል ብቻ ንከሱ። ከ5 እስከ 7 ሰከንድ ያዙ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ልቀቁ፤ ቀስ በቀስ አትልቀቁ። ከንፈር እንደተገጠመ ይሁን፣ ጥርስ ግን ይራራቅ፣ ምላስ ዝም ብሎ ይተኛ። አሁን ከ30 እስከ 40 ሰከንድ ምንም አትሥሩ። ጉንጫችሁ ሊሞቅ ወይም ሊከብድ ይችላል፤ እሱን ብቻ አዳምጡ። ከዚያ አንድ ጊዜ ድገሙት።

ትከሻም እንዲሁ ነው። ወደ ጆሮ አንሱት፣ ያዙት፣ ከዚያ እንደ ጤፍ ከረጢት ጣሉት። ሆድ ላይ ስትደርሱ ሕፃን ልጅ እየሮጠ ሊዘልባችሁ ነው ብላችሁ አጠንክሩት። ትንፋሽ ግን አትያዙ። ትንፋሽ ከያዛችሁ የሚወጠረው ደረታችሁ ነው፣ የደም ግፊታችሁም ይጨምራል። ስትለቁት ሆድ ወደ ፊት ይውጣ። አዎ፣ ይውጣ። ማንም አያያችሁም።

ልጅቷ የመጀመሪያውን ሳምንት ሠርታ ስትመለስ ተናዳ ነበር። «መንጋጋዬ ባሰበት» አለችኝ። እስቲ አሳዪኝ አልኳት። ነብር እንደያዘች ነው የምትነክሰው። ደግሞ እንደለቀቀች ወዲያው ወደ ትከሻ ትዘላለች፤ ያቺን 40 ሰከንድ አትጠብቅም። ሥራ ፈትቶ መቀመጥ መስሏታል። እኔም ያን ጊዜ ጥፋቴ ገባኝ፤ እንዴት እንደምትወጥር ደጋግሜ ነገርኳት እንጂ እንዴት እንደምትጠብቅ በቅጡ አላሳየኋትም። ትምህርቱ ያለው በመልቀቁ ውስጥ ነው። መወጠሩ መልቀቁን እንድታውቁት በር መክፈቻ ነው። ስትወጥሩ የሚያም፣ የሚንቀጠቀጥ ወይም ቁርጥማት የሚይዘው ጡንቻ ካለ አብዝታችኋል ማለት ነው፤ ግማሹን ቀንሱ።

ሆዷ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረው። ስትለቀው አይለቅም። ሁለት ቀን ከተቸገርን በኋላ ጠባቡን የቀሚሷን ወገብ አየሁት። ከጠዋት እስከ ማታ ሆዷን ወደ ውስጥ ስባ ነው የምትውለው። እንዲህ ሲሆን ትንፋሽ ወደ ታች መውረጃ ያጣና ደረትና ትከሻ ይቀበሉታል። ስለዚህ ትከሻዋ ቢወርድም መልሶ ይወጣል። የቀሚሷን ቁልፍ ከፍታ ስትሞክር በዚያው ቀን ልዩነቱ ታወቃት። ከዚህ የተማርኩት፣ ትከሻ አልወርድ ያላችሁ እንደሆነ ሆዳችሁን ፈትሹ።

አንድ ቀን ደግሞ ዓይኗን ጨፍና እየሠራች ሳለ ልቧ ድው ድው አለና ብድግ አለች። አንዳንድ ሰው ሰውነቱ ሲላላ መቆጣጠሪያው ያመለጠው ይመስለዋል፤ ያጋጥማል። ዓይኗን ከፍታ፣ መስኮት በኩል ዘንባባ እያየች፣ አንድ ቦታ ብቻ እንድትሠራ አደረግኩ። ቀስ በቀስ ለመደችው።

በቀን ሁለት ጊዜ፣ አሥር አሥር ደቂቃ ሠራች። ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ መወጠሩን አስቀረንላት፤ ልዩነቱን ስለምታውቀው ዝም ብላ ትለቃለች። ይህን ከሥራዋ ጋር አሰርነው። ደንበኛ ሸኝታ «ቀጣይ» ባለች ቁጥር ጥርሷን ታራርቃለች። በቀን ስንቴ «ቀጣይ» እንደምትል አስቡት።

ይህ ዘዴ የማይሠራባቸው ቦታዎች አሉ። ተኝቶ ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ሌሊት የሚነክሰውን በዚህ ላያቆም ይችላል፤ ለዚያ ጥርስ ሐኪም መከላከያ ሊያሠራለት ይችላል። መንጋጋው የሚቆለፍበት፣ በቅርቡ ሆዱን ኦፕራሲዮን የተደረገ፣ እርጉዝ የሆነች ወይም ቡአ ያለበት ሰው ያንን ቦታ መወጠሩን ይተወው፤ መልቀቁን ብቻ ይለማመድ። ደረት የሚጨንቅ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ካለ ደግሞ ልምምድ ሳይሆን ሐኪም ቤት፣ ያውም ወዲያው ነው።

ልጅቷን ከአምስት ሳምንት በኋላ ሳገኛት የዕለት የዕለቱ ራስ ምታት በሳምንት ወደ ሁለት ቀን ወርዷል። የወሩ መጨረሻ ሒሳብ ሲዘጋ ግን ይመለሳል። «ሥራው አልተለወጠም እኮ ጋሼ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሥራውን ልለውጥላት አልቻልኩም። እሷ ግን ይህን ስትል ጥርሷ አልተገጠመም ነበር፤ ጉንጯን አየሁት።