ሪስትሬቶ የውሃ ጉዳይ ነው፣ ማኪያቶና ኮርታዶ የወተት

ጥያቄ፦ «ሰላም ለሁላችሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ዱባይ አንድ ካፌ የባሪስታ ሙከራ አለብኝ። አዲስ አበባ ማኪያቶና ካፑቺኖ ስሠራ ነው የቆየሁት። ሪስትሬቶ፣ ማኪያቶ፣ ኮርታዶ የሚባሉት በትክክል በምንድነው የሚለያዩት? የምታውቁ ንገሩኝ።»

እህቴ፣ እኔም አዲስ አበባ ማሽን ላይ ከርሜ ነው እዚሁ ዱባይ የመጣሁት፤ ስለዚህ የት ጋ እንደሚይዙሽ አውቃለሁ። ስለ ማሽን አያያዝ አልነግርሽም፣ እሱን ታውቂዋለሽ።

1. ሦስቱን ስሞች በአንድ ረድፍ አትደርድሪያቸው። ሪስትሬቶ የውሃ ጉዳይ ነው። ያው ለኤስፕሬሶ የምትጠቀሚበት የቡና መጠን ላይ ያነሰ ውሃ ታሳልፊያለሽ፣ ወተት የሚባል ነገር የለበትም። ማኪያቶና ኮርታዶ ግን የወተት ጉዳይ ናቸው፤ ቡናው ከወጣ በኋላ ምን ያህልና ምን ዓይነት ወተት ገባበት ነው ጥያቄው። ለዚህ ነው አንድ ደንበኛ «ማኪያቶ፣ ግን በሪስትሬቶ» ሊልሽ የሚችለው። ትእዛዙ ትክክል ነው፣ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

2. ማኪያቶ። ከአገር ቤት የመጣን ሰዎች ብዙዎቻችንን የሚጥሉን እዚህ ላይ ነው። እኛ ጋ ማኪያቶ ሲባል ወተቱ ከቡናው የሚበዛ፣ ደንበኛው «ጠቆር ይበል» ወይም «ነጣ ይበል» እያለ የሚያስተካክለው ነው። ጣሊያኖቹ ጋ ግን ኤስፕሬሶ በራሱ ትንሽ ስኒ ወጥቶ ላዩ ላይ አንድ ሁለት የሻይ ማንኪያ የወተት አረፋ ጠብ ይደረግበታል፣ በቃ። ትኩስ ወተት ከሆነ ማኪያቶ ካልዶ፣ ቀዝቃዛ ከሆነ ማኪያቶ ፍሬዶ ይሉታል። የእኛ ማኪያቶ ስህተት ነው ብሎ የሚስቅብሽ ካለ አትስሚው፤ የራሱ ደንብ ያለው፣ በደንብ ከተሠራም በጣም የሚጥም መጠጥ ነው። ለሙከራው ቀን ግን የጣሊያኑን ነው የሚጠብቁሽ። ላቴ ማኪያቶ ደግሞ ተገላቢጦሹ ነው፦ መጀመሪያ ወተት በረጅም ብርጭቆ፣ ከዚያ ኤስፕሬሶ ከላይ ቀስ ብሎ ይፈስበታል። ስታርባክስ በ1996 ያወጣው ካራሜል ማኪያቶም አሠራሩ ወደዚህኛው ነው የሚቀርበው፤ ስለዚህ የባሕረ ሰላጤው ደንበኛ ትንሿን ስኒ ስትሰጪው «ወተቱ የታለ?» ቢልሽ ሁለታችሁም አላጠፋችሁም። ከመሥራትሽ በፊት «ትንሹን ነው ወይስ ወተት የበዛበትን?» ብለሽ ጠይቂ።

3. ኮርታዶ ጣሊያን አይደለም፣ ስፔን ነው። ቡናና ወተት እኩል ለእኩል፣ አረፋው በጣም ስስ፣ ብዙ ጊዜ በትንሽ ብርጭቆ። በወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ የሚያጣላው ብርጭቆው ነው። አሁን አስቢው፦ 18 ግራም ቡና አስገብተሽ 36 ግራም ኤስፕሬሶ አወጣሽ። እኩል ለእኩል ካልሽ ወተቱም ወደ 36 ግራም ይሆናል፣ ድምሩ 72 አካባቢ። ብዙ ካፌ የሚጠቀምበት ጊብራልታር የሚባለው ብርጭቆ ግን 130 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። እስከ አፉ ከሞላሽው ወተቱ ከቡናው እጥፍ አለፈ፤ ኮርታዶ ብለሽ ትንሽ ላቴ ሰጠሽ ማለት ነው። ስለዚህ ሙከራው ከመጀመሩ በፊት ብርጭቆውን ሚዛን ላይ አድርገሽ ውሃ ሙዪበትና ስንት እንደሚይዝ እይ፤ ከዚያ «እናንተ ጋ ኮርታዶ እስከ የት ይሞላል?» በይ። ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ሥራውን እንደሚያውቅ ወዲያው ይገባቸዋል። ወተቱን ስታሞቂ አየር የምታስገቢው ለአፍታ ብቻ ነው፣ ከዚያ ማዞር ነው። ወደ 60 ዲግሪ ሲደርስ አቁሚ፤ ከ70 ካለፈ ጣፋጭነቱ ይጠፋል።

4. ሪስትሬቶ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው፣ ስለዚህ ረዘም ላደርግብሽ ነው።

አዲስ አበባ ከፍዬ የተማርኩበት ማሠልጠኛ «ሪስትሬቶ ማለት ኤስፕሬሶውን ግማሽ ላይ ማቋረጥ ነው» ብሎ ነው ያስተማረን። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አለቀ። መፍጫውን እንንካው ወይ ብዬ ስጠይቅ አሠልጣኙ «መፍጫ ለመካኒክ ነው» ብሎ አሳለፈኝ። ሰርተፊኬቱ ላይ ግን ሪስትሬቶ በትልቁ ተጽፏል! ያንን ይዤ እዚህ የመጀመሪያው ሙከራ ላይ በተማርኩት መሠረት 14 ሰከንድ አካባቢ ላይ አቋረጥኩ። ኃላፊው ቀመሰና ምንም ሳይል ማጠቢያው ውስጥ ደፋው፤ ደንበኛ ቆሞ እያየ። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ቀጣይ» ብሎ ሌላዋን ጠራ። ሰው ለማስተማር አንድ ቃል ምን ያስከፍላል?

ምክንያቱን ያገኘሁት በኋላ ሌላ ቤት፣ በራሴ ምላስ ነው። ውሃው ቡናው ውስጥ ሲያልፍ መጀመሪያ የሚወጣው ኮምጣጣው ነው፣ ከዚያ ጣፋጩ፣ መጨረሻ ላይ መራራው። ዱቄቱ ለኤስፕሬሶ እንደተፈጨ ሆኖ ገና መፍሰስ እንደጀመረ ካቋረጥሽው ጣፋጩ ሳይደርስ ቀረ። በተለይ ቡናው ቀለል ተደርጎ የተቆላ ከሆነ መንጋጋሽን ነው የሚይዘው። መፍትሔው መፍጫውን ትንሽ ማላም ነው። ያኔ ውሃው ቀስ ብሎ ስለሚያልፍ 18 ግራም ዱቄት ላይ ከ20 እስከ 25 ግራም ብቻ ይወጣል፣ ጊዜው ግን እንደ ኤስፕሬሶው ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ይሆናል። አወራረዱን እዪው፦ እንደ ማር ወፍሮ፣ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ነው የሚወርደው። ከ40 ሰከንድ በላይ ጠብ ጠብ እያለ ከቆየ አብዝተሽ አላምሽው፣ ምላስ ያደርቃል። መፍጫውን ካስተካከልሽ በኋላ የመጀመሪያውን ዱቄት ጣይው፤ ጥርሱ መሃል የቀረው የድሮው ነው፣ ያሳስትሻል።

እርግጥ አንድ መፍጫ ብቻ ያለው ሥራ የሚበዛበት ካፌ ለአንድ ሪስትሬቶ ብሎ መፍጫውን አይነካም፤ ከነካው ቀጥሎ ያሉት ኤስፕሬሶዎች በሙሉ ይበላሹበታል። እዚያ ማቋረጥ የቤቱ አሠራር ነው፣ ጠቆር ተደርጎ በተቆላ ቡና ላይ ደግሞ ጥሩ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ «ለሪስትሬቶ መፍጫውን ታስተካክላላችሁ ወይስ ታቋርጣላችሁ?» ብለሽ ጠይቂና ቤቱ የሚያደርገውን አድርጊ። ያ ኃላፊ ይህን ቢነግረኝ ኖሮ በአንድ ደቂቃ አስተካክዬ እሠራለት ነበር። አሁን ባለሁበት ቤት አዲስ ለሚገቡት መፍጫውን የማስተምረው እኔ ነኝ፣ በመጀመሪያው ቀን።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ደንበኛ «ሪስትሬቶ ካፌይኑ ይበዛል?» ይልሻል። የሚበዛው ውፍረቱ ነው። ስኒው ውስጥ ያለው ጠቅላላ ካፌይን ከዚያው መጠን ቡና ከወጣው ኤስፕሬሶ ቢያንስ እንጂ አይበልጥም፣ ያለፈው ውሃ ትንሽ ስለሆነ።

ሚዛን ከሌላቸው የራስሽን ትንሽ ሚዛን በቦርሳሽ ይዘሽ ሂጂ። የቡናቸውን ቀለም ቀድመሽ እዪ። የሙከራው ቦታ የት አካባቢ እንደሆነ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ የማውቀው ቤት ከሆነ የትኛውን ብርጭቆ እንደሚጠቀሙ እነግርሻለሁ።