«አልገባም» ብቻ ብለሽ አትጻፊ

«ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር አንድ ሆቴል መቀበያ ላይ ነው የምሠራው። እናቴን ሐኪም ቤት ልወስዳት ስለሆነ ነገና ከነገ ወዲያ አልገባም። ‹አልገባም› ብዬ ብቻ ስጽፍ ቀኑን ሙሉ ሲደውሉልኝ ይውላሉ። ሥራውን እንዲይዙልኝ ምን ብዬ ልጻፍ?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ።

እኔ ሐይቁ ዳር ያለች ትንሽ የጉዞ ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው። ጀልባ እይዛለሁ፣ መኪና እይዛለሁ፣ እንግዳ እሸኛለሁ። ያንቺን ጥያቄ የመለሰልኝ የራሴ ጥፋት ነው፤ ላውራሽ።

ጥር ላይ ነው፣ ከጥምቀት በኋላ፣ እንግዳ በሚበዛበት ጊዜ። ማታ 3 ሰዓት ላይ አጎቴ ማረፉን ሰማሁ። ሌሊቱን ወደ መራዊ ለመሄድ መኪና እየፈለግኩ፣ በቢሮው ቴሌግራም ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «አጎቴ አርፏል፣ ነገ አልገባም። የነገው ቡድን በ7 ሰዓት ነው። ሁሉም ነገር ዝግጁ ነው።» ሁሉም «ነፍስ ይማር» አለ። እኔም ሥራውን ያስረከብኩ መስሎኝ ስልኬን አጠፋሁ።

እንግዶቹ 9 ነበሩ። በኢሜይላቸው 7:00 ብለው የጻፉት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ማለት ነው። እኔ ቁጥሩን እንዳለ ገልብጬ «7 ሰዓት» አልኩት። የተካችኝ ልጅ ደግሞ እንደማንኛችንም ከምሳ በኋላ ነው ብላ አነበበችው። ምን ታድርግ? እንግዶቹ ከ1 ሰዓት ጀምሮ ወደቡ ላይ ቆመው ቆይተው በመጨረሻ ቢሮ ደወሉ። «ዝግጁ ነው» ያልኩት ጀልባም ተያዘ እንጂ ቤንዚን አልተገዛለትም ነበር። ቤንዚን ፍለጋ ሲሮጡ ረፈደ፤ የተነሱት 4 ሰዓት ገደማ ነው።

ሐይቁን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ጣና ጠዋት እንደ መስተዋት ነው፣ ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ይናወጣል። ወደ ዘጌ አንድ ሰዓት ገደማ የሚፈጀው መንገድ በመልስ ላይ ውኃ እየረጫቸው፣ አንዷ እያስመለሳት አለቀ። ሲመለሱ ደግሞ ልጅቷ ሙሉ ሒሳብ ጠየቀቻቸው። ግማሹን ለእኔ ከፍለው ነበር፤ እሷ ግን ከየት ታውቃለች? ደረሰኙ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር፣ መሳቢያው ተቆልፏል፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ መራዊ ለቅሶ ላይ ተቀምጧል።

ከዚያ ወዲህ የምጽፈው መልእክት ይህን ይመስላል፦

«ማክሰኞና ረቡዕ የለሁም፤ ሐሙስ ጠዋት እገባለሁ። አለቃችን ያውቃል።
ማክሰኞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት (በፈረንጅ 7:00) 9 እንግዶች ከወደቡ ወደ ዘጌ ይነሳሉ። ጀልባው ተይዟል። ቤንዚን አልተገዛም፣ ዛሬ ማታ ይገዛ። ግማሽ ከፍለዋል፣ ቀሪውን ሲመለሱ ይከፍላሉ። ደረሰኙ ጠረጴዛዬ ላይ ሰማያዊ ፋይል ውስጥ ነው። ሴቶች ስላሉ ክብራን ገብርኤል አይሄዱም፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይበቃቸዋል። ይህን የጠዋቷ ልጅ ትይዘዋለች፤ አነጋግሬያታለሁ።
ረቡዕ ለጢስ ዓባይ የተያዘው መኪና ማክሰኞ ከሰዓት በስልክ ይረጋገጥ። ሹፌሩ ካላነሳ የሌላው ሹፌር ቁጥር ደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ አለ።
የመጋቢቱን የዋጋ ጥያቄ እኔ እስክመለስ አትመልሱት።
ከቀኑ 6 እስከ 7 ሰዓት ስልክ አነሳለሁ።»

(የእኔ ላይ ስሟ ተጽፎ ነው የሚሄደው። «የጠዋቷ ልጅ» ያልኩት እዚህ የሰው ስም ላለማውጣት ነው።)

ከዚህ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚዘለው ስሙን ነው። «ተረዳዱልኝ» ብለሽ ለቡድን ብትለቂው ሁሉም ሌላው ይይዘዋል ብሎ ያልፈዋል። ሥራው ከአንድ ሰው ስም ጋር ይያያዝ። ግን ከመጻፍሽ በፊት ደውለሽ «ትይዥልኛለሽ?» በያት። የእሷ ፈረቃ ማታ ከሆነ፣ ወይም እሷም ነገ ፈቃድ ላይ ከሆነች፣ ስሟን መጻፍሽ ለማንም አይጠቅምም። ከተስማማች በኋላ ያንኑ ጽሑፍ ለእሷ በኤስኤምኤስም ላኪላት። ዳታ የሚጠፋበት ቀን አለ፤ ቴሌግራም ላይ የቀረ ማስታወሻ ያን ቀን የለም ማለት ነው።

ሁለተኛው፣ «ዝግጁ ነው» የምትለውን ቃል ጣያት። በእሷ ፋንታ የተሠራውንና ያልተሠራውን ለየብቻ ጻፊ። ጀልባው ተይዟል፣ ቤንዚን አልተገዛም። ያልተሠራውን መጻፍ ያሳፍራል፣ እውነት ነው፤ አለቃ ያያል ብሎ የሚደብቅም አይቻለሁ። ግን የሚተካሽ ሰው የሚፈልገው እሱን ብቻ ነው።

ሰዓት ሲሆን ሁልጊዜ «ከጠዋቱ» ወይም «ከሰዓት» ጨምሪበት፣ እንግዳው የውጭ ሰው ከሆነ የፈረንጁንም አጠገቡ። ቀኑንም በስሙ ጥሪው። ማክሰኞ በሁለቱም አቆጣጠር ማክሰኞ ነው፤ «በ12» ካልሽ ግን የየትኛው ወር 12 እንደሆነ ይጣላሉ።

አንቺ መቀበያ ላይ ስለሆንሽ ያንቺ ዝርዝር ከእኔ ይለያል። እኔ ብሆን ከራስሽ በቀር ማንም የማያውቀውን ብቻ ነበር የምጽፈው። መዝገቡ ላይ ያለውን መድገም ምን ያደርጋል? ለምሳሌ 12 ቁጥር ሻወሩ ስለሚያፈስ ለሰው እንዳይሰጥ ብለሽ በቃል ይዘሽው ይሆናል። 8 ቁጥር ያሉት ሰውዬ ሌሊት 10 ሰዓት ቀስቅሱኝ ብለው ላንቺ ብቻ ነግረው ይሆናል። ልብሱን ለአጣቢ ሰጥቶ ነገ የሚወጣ እንግዳ ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለው ነገር ሦስት አራት ቢሆን ነው። መልእክቱ ከስልኩ ስክሪን ካለፈ ቆሞ የሚያነበው የለም፤ ከበዛብሽ ረጅሙን ደብተር ላይ ጽፈሽ «ቀሪው ደብተሩ ላይ» በይ።

አንድ ነገር ግን ቡድኑ ውስጥ አታስገቢ፦ የእንግዳ ፓስፖርት ፎቶና የካዝና ቁጥር። ቁልፉ ከማን ጋር እንዳለ መናገር ይበቃል። እንግዶች በኢሜይል የሚያገኙሽ ከሆነም፣ እዚያ የምታስቀምጪው አውቶማቲክ መልስ የምትመለሺበትን ቀንና የመቀበያውን ስልክ ብቻ ይያዝ። ማስታወሻውን ገልብጣ እዚያ የለጠፈች ልጅ አውቃለሁ፤ ለጻፈላት ሁሉ ማን ሒሳብ እንዳልከፈለ ሲነገረው ዋለ።

የእናትሽን ሕመም ዝርዝርም መጻፍ የለብሽም። ፈቃዱን ከአለቃሽ ለብቻ ጠይቂ፤ ለባልደረቦችሽ «የለሁም፣ አለቃ ያውቃል» በቂ ነው። ስልክ የምታነሺበትን ሰዓት ስትወስኚ ደግሞ ሐኪም ጋ ወረፋ የምትጠብቂበትን ሳይሆን ቤት የምትሆኚበትን አድርጊው።

ዛሬ ማታ ስትጽፊው ከፈለግሽ የእንግዶቹን ነገር አውጥተሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ እስከ 4 ሰዓት ነቅቻለሁ፣ አየዋለሁ።