ረጅም የኢሜይል ምልልስ ለአዲስ ሰው ሲመራ፦ አምስት ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

“ስለ ወንበር ግዢ 17 መልእክት የተጻጻፍንበትን ኢሜይል ለፋይናንስ ኃላፊያችን ፎርዋርድ ላደርግ ነው። እስካሁን ‘ከታች ያለውን ይመልከቱ’ ብዬ ስልከው ሁልጊዜ ‘ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?’ የሚል መልስ ነው የሚመጣልኝ። ከላይ ምን ልጻፍ? ምን ያህልስ ይርዘም?”

መጀመሪያ የሚጻፈው ከኃላፊው የሚፈልጉት ነገርና የሚፈለግበት ቀን ነው። የጉዳዩ ታሪክ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል፤ እሱም ለውሳኔው በሚያስፈልገው መጠን ብቻ። በስልክ የሚያነብ ሰው ጣቱን ሳያንቀሳቅስ ሊጨርሰው የሚገባ ስለሆነ ከስድስት እስከ ስምንት አጫጭር መስመር ይበቃል።

ለማዘጋጀት ምልልሱን ከታች ወደ ላይ ያንብቡ። ፎርዋርድ የተደረገ ኢሜይል አዲሱን ከላይ፣ አሮጌውን ከታች ስለሚያስቀምጥ የነገሩ መነሻ ያለው ግርጌው ላይ ነው። እያነበቡ ሦስት ነገር ብቻ ይመዝግቡ፦ ምን እንደተወሰነ፣ ምን እንደተለወጠ፣ ምን መልስ እንዳላገኘ። ጥያቄውን የሚያቀርበውን የመጀመሪያውን መስመር ግን መጨረሻ ላይ ይጻፉት፤ በትክክል ምን እንደሚጠይቁ የሚገባዎት ሌላውን ሲጨርሱ ነው። የእርስዎ ጉዳይ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

> ጤና ይስጥልኝ፣ የ46 ወንበር ግዢ የ30 በመቶ ቅድመ ክፍያን እስከ ሐሙስ መጋቢት 12 እንዲያጸድቁልን እንጠይቃለን።
>
> የተወሰነው፦ 46 ወንበር፣ ክንድ ማሳረፊያ ያለው ዓይነት፤ ርክክብ መጋቢት 30።
>
> የተለወጠው፦ መጀመሪያ የተጠየቀው 40 ነበር። 6ቱን የጨመረው የሥራ ክፍሉ ኃላፊ ነው (የካቲት 28)። ርክክቡም ከመጋቢት 15 የተገፋ ነው።
>
> ያልተቋጨው፦ አቅራቢው የሰጠው ዋስትና 2 ዓመት ነው። 3 ዓመት እንዲሆን የካቲት 30 ጠይቀናል፤ አልመለሰም። ክፍያው መልሱን ይጠብቅ ወይስ ይቀጥል የሚለውን ቢወስኑልን።
>
> የተያያዘው፦ የመጨረሻው ፕሮፎርማ፣ የ46ቱ።

“የተለወጠው” የሚለውን ክፍል ብዙ ሰው ይዘለዋል። ማጠቃለያው ላይ 46 ተብሎ ያነበበ ሰው በአጋጣሚ ወደ ታች ወርዶ 40 የሚል ካገኘ ግን የቱን እንደሚያምን አያውቅም። ከዚያ በኋላ 17ቱንም መልእክት ማንበብ ይጀምራል፤ ወይም “ቁጥሩ ተሳስቷል” ብሎ ጉዳዩን ይመልሰዋል። አሮጌው ቁጥር ምልልሱ ውስጥ እስካለ ድረስ ማጠቃለያው በስም ጠርቶ ሊሽረው ይገባል።

ከቁጥሩ አጠገብ ቀንና የላኪውን ማንነት ማስቀመጡም ለዚሁ ነው። “ሦስተኛው መልእክት ላይ እንዳለው” ቢሉ ሦስተኛው ከላይ ነው ከታች? አንባቢው አያውቅም። “የሥራ ክፍሉ ኃላፊ፣ የካቲት 28” ካሉት ግን ማረጋገጥ የፈለገ ሰው በቀጥታ ያገኘዋል። ምልልሱ ውስጥ ያሉትን “ነገ”፣ “በሚቀጥለው ሳምንት”፣ “ሰኞ” የሚሉ ቃላትም እንዳሉ አይገልብጧቸው። “ሰኞ” ተብሎ የተጻፈው መቼ እንደሆነ ከመልእክቱ ቀን አስልተው ትክክለኛውን ቀን ያስቀምጡ።

ሰላምታን በተመለከተ፦ መተው ደግ አይደለም፤ ግን አንድ ሐረግ ይሁንና ጥያቄው እዚያው መስመር ላይ ይከተል። ኢንቦክስ ውስጥ ኢሜይሉ ሳይከፈት የሚታየው የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቃላት ናቸው። እነሱን “እንደምን አሉ፣ ሰላም ነዎት ወይ” በሚል ሰላምታ ከሞሏቸው ኃላፊው ምን እንደተጠየቀ ሳያይ ያልፈዋል።

“ፎርዋርድ ሳደርግ ሰነዶቹ አብረው የሚሄዱ ይመስለኝ ነበር። የተላከለት ሰው ግን ‘ምንም አባሪ የለውም’ አለኝ። ለምን?”

ፎርዋርድ ሲያደርጉ አብረው የሚሄዱት እርስዎ በከፈቱት በዚያ አንድ መልእክት ላይ የተያያዙት ፋይሎች ናቸው። ሰዎች ለአንድ ኢሜይል መልስ ሲሰጡ ጽሑፉ እየተጠቀሰ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ አባሪው አይከተልም። ስለዚህ ፕሮፎርማው የመጣው በአምስተኛው መልእክት ከሆነና እርስዎ አሥራ ሰባተኛውን ፎርዋርድ ካደረጉ፣ “ፕሮፎርማው ተያይዟል” የሚለው ጽሑፍ ይሄዳል፣ ፕሮፎርማው ግን ይቀራል።

መፍትሔው ፋይሉ የመጣበትን መልእክት ከፍቶ ማውረድና በአዲሱ ኢሜይል ላይ እንደገና ማያያዝ ነው። ይህን ሲያደርጉ ያለውን ሁሉ አይጫኑ። አቅራቢው ሦስት ጊዜ ፕሮፎርማ ልኮ ከሆነ አሁን የሚሠራበትን አንዱን ብቻ ያያይዙ። ሦስቱም ከሄዱ አዲሱ ሰው በስህተት የ40ውን ከፍቶ ሊያጸድቅ ይችላል።

ፋይሉ በሊንክ የተላከ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። ሊንኩ ይሄዳል፤ የመክፈት ፈቃዱ ግን በመጀመሪያው ምልልስ ለነበሩት ሰዎች ብቻ የተሰጠ ሊሆን ይችላል። ከመላክዎ በፊት የፋይሉን ማጋሪያ ከፍተው አዲሱ ሰው ስሙ መኖሩን ይዩ። ፋይሉ የሌላ ሰው ከሆነ ባለቤቱን አስቀድመው ያስፈቅዱ፤ አለዚያ ኃላፊው የሚያገኘው ሰነዱን ሳይሆን “ፈቃድ ይጠይቁ” የሚል ገጽ ነው።

“የመጨረሻውን መልእክት ፎርዋርድ አደረግኩ፤ ሆኖም አንድ የሥራ ባልደረባዬ የጻፈው ወሳኝ መልስ ውስጡ የለም። እኔ ግን አልሰረዝኩትም።”

ምልልሱ ለሁለት ተከፍሎ ነው። ሁለት ሰዎች ለአንድ መልእክት ለየብቻ መልስ ሲሰጡ ከዚያ ነጥብ ጀምሮ ሁለት ቅርንጫፍ ይፈጠራል፤ ከሁለቱ በአንዱ ላይ የተጻፈው በሌላኛው ግርጌ አይገኝም። ኢሜይልዎ ሁሉንም በአንድ ርዕስ ሥር ሰብስቦ ስለሚያሳይዎት አንድ ሰንሰለት ይመስላል። ፎርዋርድ ሲያደርጉ ግን የሚሄደው የአንዱ ቅርንጫፍ ጽሑፍ ብቻ ነው።

ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ከመላክ በፊት ግርጌው ድረስ ወርዶ፣ ማጠቃለያዎ ላይ በቀን የጠቀሷቸው መልእክቶች በሙሉ መኖራቸውን ማየት ነው። የካቲት 28 ብለው ጠቅሰው የየካቲት 28ቱ ከሌለ ቅርንጫፉ ቀርቷል ማለት ነው።

በጂሜይል በኮምፒውተር የሚሠሩ ከሆነ ምልልሱን ከፍተው ከላይ ካሉት ሦስት ነጥቦች `Forward all` የሚለውን ይምረጡ፤ የምልልሱን መልእክቶች በሙሉ አንድ ላይ ያመጣል። ጉዳቱ የተጠቀሰው ጽሑፍ ደጋግሞ ሊመጣና ሊረዝም መቻሉ ነው። የጎደለው አንድ መልእክት ብቻ ከሆነ እሱን ከዝርዝሩ መርጠው `Forward as attachment` በሚለው ማያያዝ ይሻላል። መልእክቱ `.eml` ፋይል ሆኖ ከነላኪውና ከነቀኑ ይሄዳል። ከዚያ ማጠቃለያው ላይ አንድ መስመር ይጨምሩ፦ “የሥራ ክፍሉ መልስ (የካቲት 28) ከታች ካለው ምልልስ ውስጥ ስላልተካተተ ለብቻው ተያይዟል።”

“ከምልልሱ ታች አንድ ባልደረባችን ስለ አቅራቢው የጻፈው ኃይለ ቃል አለ። አሁን ምልልሱ ወደዚያው አቅራቢ ሊሄድ ነው። ቃሉን ለስለስ አድርጌ ልላከው?”

አያድርጉት። ሰው የጻፈውን ቃል እርሱ ሳያውቅ መለወጥ ያልጻፈውን በስሙ መላክ ነው፤ ዋናው ቅጂ በሌሎች ኢንቦክስ ስላለ ልዩነቱ አንድ ቀን ይወጣል።

ሁለት ንጹሕ መንገድ አለ። አንደኛው መልእክቱን ከነራስጌው ሙሉ በሙሉ ማውጣትና በቦታው “የየካቲት 24 አንድ የውስጥ መልእክት እዚህ ላይ ወጥቷል” ብሎ ምልክት መተው ነው። ይህ ለመሥሪያ ቤት ባልደረባ ሲላክ ይሠራል። ወደ ውጭ ለሚሄድ ግን ሁለተኛውን እመክራለሁ፦ ምልልሱን ጨርሶ አይላኩ። አዲስ ኢሜይል ከፍተው ማጠቃለያውንና የሚያስፈልገውን ሰነድ ብቻ ይላኩ። ኃይለ ቃሉ ያለበት መልእክት በኋላ በመጣ ሌላ መልስ ግርጌ ተደግሞ ሊገኝ ስለሚችል ከአንድ ቦታ ማውጣት አያስተማምንም። ለውጭ ሰው የውስጥ ውይይትን ማሳየትም ከመነሻው አያስፈልግም።

“ሁለት ክፍሎች ያልተስማሙበት ጉዳይ ነው፣ እኔም ከአንዱ ወገን ነኝ። ሳላዳላ እንዴት ልጠቅልለው? ደግሞስ ፎርዋርድ ይሻላል ወይስ ኃላፊውን ሲሲ አስገብቼ ለሁሉም መመለስ?”

ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይፈታዋል። ጉዳዩ የሚያከራክር ከሆነ ለሁሉም መልስ ሰጥተው ኃላፊውን ሲሲ ያስገቡ። ሁሉም ሰው ማጠቃለያዎን ስለሚያይ የተሳሳተ ካለ ወዲያው ያርመዋል፤ የኃላፊው መልስም ለሁሉም ሊደርስ ይችላል። ፎርዋርድ ካደረጉ ግን ኃላፊው ሲመልስ የሚደርሰው ለእርስዎ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ የሚሰሙት እርስዎ ሲነግሯቸው ነው። ለሁሉም ሲመልሱ አባሪዎቹ እንደሚቀሩ አይርሱ፤ እንደገና ያያይዟቸው። ብዙ ፕሮግራሞች የቀድሞውን ምልልስ በሦስት ነጥብ ሥር ስለሚሸሽጉትም ነጥቦቹን ተጭነው ኃላፊው ምን ሊያይ እንደሆነ ይመልከቱ።

አጻጻፉን በተመለከተ የእያንዳንዱን ወገን ሐሳብ በአንድ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ በተቀራራቢ ርዝመት፣ ራሱ ባለቤቱ ካነሳው ምክንያት ጋር ያስቀምጡ። “ግዢ ክፍል፦ ዋስትናው ካልተራዘመ ክፍያው ይቆይ፣ ከከፈልን በኋላ መደራደሪያ አይኖረንም። የሥራ ክፍሉ፦ አሁን ይከፈል፣ አዳዲሶቹ ሠራተኞች መጋቢት 30 ይጀምራሉ።” የእርስዎን አስተያየት ከዚህ በታች “የእኔ አስተያየት” ብለው ለይተው ይጻፉ። መልስ ያልሰጠውን ሰው “ተስማምቷል” ብለው አይቁጠሩት፤ “እስካሁን አልመለሰም” ይበሉ። “ሁሉም ተስማምተዋል” የሚል ማጠቃለያ ላይ ተመሥርቶ ክፍያ ከጸደቀ በኋላ ዝም ያለው ሰው ተቃውሞ ቢያቀርብ ውሳኔው እንደገና ይከፈታል፤ ኃላፊውም የሚጠይቀው ማጠቃለያውን የጻፈውን ሰው ነው።